«ኪታብ» ክታብ አይደለም፤ «ተጥዒም»ም ጣዕም አይደለም

«ዐረብኛና አማርኛ ዘመዳሞች ስለሆኑ በድምፅ የሚመሳሰሉ ቃላት ትርጉማቸው አንድ ነው፤ ለእነዚህ መዝገበ ቃላት ማገላበጥ ጊዜ ማባከን ነው።»

ዝምድናው እውነት ነው፤ ስሕተቱ ያለው ከዝምድናው በተወሰደው ድምዳሜ ላይ ነው። «ከተበ» በዐረብኛ ጻፈ ማለት ሲሆን በእኛም ጥንታዊ ትርጉሙ ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ዐረቡ «ኪታብ» ሲል መጽሐፍ ማለቱ ነው፤ ወሎ ውስጥ ክታብ የምንለው ግን ተጽፎ፣ በቆዳ ተሰፍቶ በአንገት የሚንጠለጠለውን ነው።

ይበልጥ የሚያሳስተው የጤና ካርድ ነው። ከሳዑዲ ወደ ኮምቦልቻ የተመለሰች እናት የልጇን ካርድ ደሴ ላይ ለማስተርጎም ባመጣች ጊዜ፣ ጀማሪው የሥራ ባልደረባችን «ሸሃደት ተጥዒም» የሚለውን ርእስ «ጣዕም» ከሚለው ቃላችን ጋር አዛምዶ «የምግብ ምስክር ወረቀት» ብሎ ጻፈው። ሥሩን በትክክል አግኝቶታል፤ «ጠዓም» በዐረብኛ ምግብ ነውና። ነገር ግን «ተጥዒም» የዛፍ ቅርንጫፍን በሌላ ዛፍ ላይ ማዳቀልንም፣ በሕክምና ደግሞ ክትባትን ያመለክታል። በአንጻሩ የእኛን «ክትባት» በድምፁ ተመርቶ «ኪታባ» ብሎ የሚመልስ ተርጓሚ የጻፈው «ጽሕፈት» የሚል ቃል ነው።

ካርዱ ራሱ ግን ይመሰክር ነበር፤ ከቀኖቹ አጠገብ አንደኛ፣ ሁለተኛ እየተባለ የተቆጠረው «ጁርዓ» የመድኃኒት መጠን እንጂ የምግብ ጉዳይ አይደለም።