ሰኔ ላይ የሚቆም ቤት እና መድኑ

«ቤቱን ገንዘብ ሲገኝ ነው የምሠራው። ፌሮውን ግን ዋጋው ሳይጨምር ብዬ ገዝቼ ግቢ ውስጥ ከምሬዋለሁ። የኮንትራክተር ኢንሹራንስ ብገባ፣ ቢሰረቅብኝ ይከፍሉኛል?» ይህን የጠየቀኝ ፍኖተ ሰላም ላይ ቤት እያሠራ ያለ ወዳጄ ነው።

ሊከፍሉህ ይችላሉ፤ ውሉ ላይ የአንተ አሠራር ከተጻፈ። ቅጹን እንዳለ ፈርመህ ከወጣህ ግን ዓረቦንህን በከንቱ ነው የምትከፍለው።

ይህ መድን የተቀረጸው ሥራ ጀምሮ ሳያቋርጥ ለሚያስረክብ ተቋራጭ ነው። ጎጃም ውስጥ ቤተሰብ ቤት የሚሠራው እንደዚያ አይደለም። ጥቅምት ላይ መሠረት ይወጣል፣ በበጋው ኮለን ይቆማል፣ ሰኔ ሲገባ ሥራው ይቆማል። ከዚያ እህሉ እስኪሸጥ ወይም ውጭ ያለው ወንድም እስኪልክ ይጠበቃል። የተለመደው ውል ደግሞ ሥራ በመቋረጡ የሚመጣን ጉዳት አይሸፍንም። አንዳንዱ ውል ሥራው ከተወሰነ ቀን በላይ ከቆመና ካላሳወቅህ ሽፋኑን ራሱን ያቆመዋል። ብረቱ ብቻውን ግቢ ውስጥ የሚያድረው፣ ጎርፍም የሚመጣው በዚያው ክረምት ነው! ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት «ከሰኔ እስከ መስከረም ሥራ አይኖርም፣ ዕቃው ግን ቦታው ላይ ይቆያል» ብለህ በጽሑፍ ስጣቸው፤ መስማማታቸውንም ከውሉ ጋር በሚያያዝ ወረቀት አጽፍ። የቅርንጫፉ ሠራተኛ «ችግር የለውም» ቢልህ እሱ ቃል ነው፣ ካሣ ሲጠየቅ የሚነበበው ወረቀቱ ነው።

ሁለተኛው ጣጣ የዋጋው ነገር ነው። ብዙ ሰው መድን የሚገባው ዘንድሮ ከኪሱ በሚያወጣው ብር ልክ ነው። ውሉ የሚፈልገው ግን የሚሸፈነው ሥራ ሲያልቅ የሚኖረውን ሙሉ ዋጋ ነው፤ አምና የተገዛው ፌሮ፣ የግንበኛው ደመወዝ፣ የመኪና ኪራዩ፣ ዘመድ በነጻ ያመጣው ድንጋይ ሳይቀር። በቁጥር እንየው። መድኑ ለዘንድሮው ደረጃ ብቻ ነው እንበል፣ ከመሠረት እስከ ሶሌታ። እውነተኛ ዋጋው 1,600,000 ብር ሆኖ አንተ 1,000,000 ብለህ አስመዘገብህ። የ160,000 ብር ፌሮ ተሰረቀ። ያስመዘገብኸው ከ16 እጅ 10 እጁን ስለሆነ ካሣውም በዚያው ልክ ወደ 100,000 ይወርዳል። ከዚያ ላይ አንተ የምትሸከመው መነሻ ድርሻ ይቀነሳል፤ 20,000 ከሆነ እጅህ የሚገባው 80,000 ብር ነው። ግማሹ ቀረ ማለት ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ጣሪያ ብለህ የገዛኸው ቆርቆሮም የዘንድሮው ደረጃ ውስጥ ስለማይቆጠር ለብቻው ካልተጻፈ ከሽፋን ውጭ ነው።

ስርቆቱ ራሱ እንዴት እንደታወቀ ደግሞ ወሳኝ ነው። በር ተሰብሮ፣ ቆርቆሮ ተገንጥሎ፣ ለፖሊስ ተነግሮ ከሆነ ጥሩ። መስከረም ላይ ፎርማኑ ሲቆጥር «ጎደለ» ካለ ግን፣ በቆጠራ ብቻ የተገኘ ጉድለት በውሉ በግልጽ የተገለለ ነው። መቼ እንደጠፋ፣ ማን እንደወሰደው፣ ጭራሽ ገብቶ ይሁን አይሁን አይታወቅማ። ለዘበኛው አንድ ደብተር ግዛለት፤ የገባው የወጣው ይጻፍበት፣ ደረሰኙም እዚያው ይያያዝ። ክረምቱን በየሳምንቱ አስቆጥር። ብዙ ውሎች ጉዳቱ በደረሰ በ14 ቀን ውስጥ እንዲነገራቸው ስለሚጠይቁ ዓመት በዓል ይለፍ እያልህ አትቆይ።

ሲሚንቶ ላይ አትሞኝ። ጎርፍ ገብቶ ቢያበላሸው ይጠየቅበታል፤ በእርጥበት ቀስ እያለ ቢጋገር ግን የአንተው ኪሳራ ነው፣ የፌሮ ዝገትም እንዲሁ። ዕቃውን ውኃ መውረጃ ላይ ከምረህ ጎርፍ ቢወስደውም «ለምን እዚያ አስቀመጥህ» መባልህ አይቀርም።

ደግሞ ሰርቪሱ አለ። እኛ ጋ ሰርቪስ ቀድሞ ይሠራና ቤተሰቡ ይገባበታል፣ ዋናው ቤት በጎን ይቀጥላል። ሰው የገባበት ክፍል በዚህ መድን ዓይን ያለቀ ሥራ ስለሆነ ለእሱ ሽፋኑ ያበቃል። ሲሚንቶውን ሰርቪሱ ውስጥ የምታስቀምጥ ከሆነም ቦታው በውሉ ላይ ይጠቀስ።

ጦርነትና የእርስ በርስ ግጭት በመደበኛው ውል አይሸፈኑም። ጎጃም ላሉ ሰዎች ይህን ደብቆ መድን መሸጥ ነውር ነው፣ ሻጩ ቀድሞ ሊናገረው ይገባል።

የእኔ ሐሳብ ይኸው ነው፦ መሬት ስትቆፍር ብቻ ከሆነ ይቅርብህ፤ ፌሮው ከተከመረና የሶሌታው ሥራ ከቀረበ ግን ለዚያ ደረጃ ግባ፣ ክረምቱን ጨምረህ። ኩባንያዎቹም ክረምቱን ከነጭራሹ ያካተተ፣ በየደረጃው የሚታደስ የቤተሰብ ውል ማዘጋጀት አያቅታቸውም። ወራቱ የታወቁ ናቸው፣ በየዓመቱ ያው ሰኔ ነው።