ጠርሙሱ ይመስገን

ጭንቀት መድኃኒት የለውም የሚሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል። አለው እንጂ! «ጨነቀኝ» ብላችሁ ለአንድ ወዳጅ ተንፍሱ፤ ወዲያው ማዘዣ ይወጣላችኋል። «አንድ ሁለት በልበት፣ ለቀቅ ያደርግሃል።» ወረፋ የለም፣ ምርመራ የለም። አዛዡም ለበሽተኛው አዝኖ መድኃኒቱን አብሮ ይወስዳል። እንዲህ ያለ ርኅራኄ ከየትኛው ሐኪም ይገኛል?

አንድ ወዳጄ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሥራ ቃለ መጠይቅ ነበረው። ከዋዜማው ጀምሮ ሆዱን ባር ባር አለው። ምክራችንን ሰማና (እኔም ከመካሪዎቹ አንዱ ነበርኩ፣ አልክድም) ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ጀመረ። በሁለተኛው ቢራ ትከሻው ወረደ። በሦስተኛው የማያውቃቸውን ጠያቂዎች አንድ በአንድ ረታ። በአራተኛው ደመወዝ ይደራደር ነበር። 4 ሰዓት ተኩል ላይ እንደ ሕፃን ተኛ።

የጠርሙሱን ውለታ መካድ ነውር ነው። እውነት አረጋግቶታል። አንጎል ፍሬንም ነዳጅም አለው። ጋባ የሚባለው ኬሚካል ያቀዘቅዛል፣ ግሉታሜት የሚባለው ያፈጥናል። አልኮል ፍሬኑን ይረግጣል፣ ነዳጁንም ይቀንሳል። ችግሩ አንጎል ምስጋና አያውቅም። «ማነው ያለፈቃዴ ያቀዘቀዘኝ?» ይልና ሚዛኑን ለመመለስ ፍሬኑን ያላላል፣ ነዳጁን ይጨምራል። አልኮሉ እስካለ ድረስ ሁለቱ ይገፋፋሉ፤ ሰውየውም ምንም አይታወቀው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 330 ሚሊ ሊትር የሆነ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ቢራ 13 ግራም ገደማ አልኮል ይይዛል። አራቱ 52 ግራም መሆናቸው ነው። የብዙ ሰው ጉበት በሰዓት 7 ወይም 8 ግራም ያህል ያቃጥላል፤ ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር አያስቸኩለውም። እንግዲህ 1 ሰዓት ላይ የጀመረው ሥራ ሌሊት 8 ሰዓት አካባቢ ያልቃል። ረጋጩ እግር ሄደ። የላላው ፍሬንና የተጨመረው ነዳጅ ግን የትም አልሄዱም።

ወዳጄ 9 ሰዓት ላይ ዓይኑ ተበለጠጠ። ልቡ ይደልቃል። አንሶላው በላብ ርሷል። ትናንት የረታቸው ጠያቂዎች አልጋው ጫፍ ላይ ተሰይመዋል። ጠዋት እስክርቢቶ ሲይዝ እጁ ተንቀጠቀጠ። እዚህ ላይ ነው የጠርሙሱ ብልጠት! ማታ ላረጋጋው ምስጋናውን ወሰደ፣ ለጠዋቱ ፍርሃት ግን ቃለ መጠይቁ ተከሰሰ። «ልቤ ነግሮኝ ነበር፣ ክፉ ቀን ነው» አለኝ። ልቡ ምንም አልነገረውም፤ አራቱ ቢራዎች እየወጡ ነበር።

ማምሻውን ያው መድኃኒት ታዘዘለት። ለምን አይታዘዝ? ትናንት ሠርቶለታል!

(ሲጋራ ቅር እንዳይለው እሱንም በአንድ አፍ ላወድሰው። የሚያጠፋው ጭንቀት በአብዛኛው ያለፈው ሲጋራ የለኮሰው ነው። ራሱ አቃጥሎ ራሱ የሚደርስ የእሳት አደጋ ሠራተኛ።)

ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለት ቢራ ትከሻውን አላወርድ አለ። አንጎል ለምዶ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃላ! አሁን ወዳጄ ቃለ መጠይቅ በሌለበት ቀንም ይጨነቃል። በተለይ ወደ ማታ ሲሆን። አንድ ብርጭቆ ሲደርስለት ደግሞ ወዲያው ይሻለዋል፤ ይህንንም መድኃኒቱ ፍቱን ለመሆኑ ማስረጃ አድርጎ ያቀርባል።

በመጨረሻ እውነተኛ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ጭንቀቱ አልነበረም። በየቀኑ ይጠጣ እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ ጠዋት እጁ እስኪረጋ የሚቀምስ እንደሆነ ነው የጠየቀችው። በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ ሰው በድንገት ካቆመ መንቀጥቀጡ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል ሕመም ሊነሳበት፣ ከዚያም አእምሮው ሊቃዥ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ብቻውን «ተውኩ» አይልም፤ በሐኪም እጅ ነው የሚያቆመው። ወዳጄ እዚያ አልደረሰም። ስለዚህ ቀላሉን መለኪያ ሰጠችው። አራት ሳምንት ምንም አትጠጣ። ጭንቀቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከከሰመ ምንጩ ጠርሙሱ ነበር። ካልከሰመ ደግሞ የራሱ ሕመም ነውና የራሱ ሕክምና አለው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ብሰው ሊታዩህ ይችላሉ፣ በእነሱ አትፍረድ አለችው።

አራት ሳምንት ሲባል ወዳጄ እጅግ ተጨነቀ። ከክሊኒኩ በር ላይ ሆኖ ደወለልን። እኛም እንዲህ ባለ ሰዓት ወዳጅ አንተውም፤ የት እንደምንገናኝ ነገርነው።