ክርክር፦ «ሽሮ አለ» ብላ ቮይስ የላከችው ሴትዮ አዘዘች ወይስ ጠየቀች?

ጠያቂዋ፦ «በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ በቴሌግራም እሸጣለሁ። ሰው አይጽፍም፣ ቮይስ ነው የሚልከው። ጠዋት ስነሳ ሰላሳ ቮይስ ተደርድሮ ይጠብቀኛል። ትዕዛዙን ከጥያቄው በማሽን ላስለየው ወይስ ሰው ልቅጠር?»

ቦት ሠሪው፦ በማሽን። ቴሌግራም ላይ ቮይስ የሚቀመጠው በ`.ogg` ፋይል ነው። ቦቱ ፋይሉን ያወርዳል። ቦት ማውረድ የሚችለው እስከ 20 ሜጋባይት ነው፣ የአንድ ደቂቃ ቮይስ ደግሞ ወደዚያ አይጠጋም። ከዚያ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩት ሞዴሎች በሚፈልጉት መልክ ይስተካከላል፦

```
ffmpeg -i voice.ogg -ar 16000 -ac 1 voice.wav
```

ጽሑፉ ሲወጣ መለየቱ ቀላል ነው። «ላኩልኝ»፣ «ያዙልኝ»፣ «ጨምሩልኝ» ካለ ትዕዛዝ ነው። «ስንት ነው»፣ «መቼ»፣ «ወይ» ካለ ጥያቄ። ጠዋት ስትነሺ ሁለት ዝርዝር ይጠብቅሻል፣ አለቀ።

ትዕዛዝ ተቀባይዋ፦ ስምንት ዓመት የሰው ቮይስ ስሰማ ኖሬ ይሄ «ቀላል ነው» የሚሉት ነገር ያስቀኛል። ወንድሜ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ደንበኛዋ «ሁለት ኪሎ ሽሮ አለ» ብላ ላከች። «ላኩልኝ» የለም፣ «ወይ» የለም። የትኛው ዝርዝር ውስጥ ትከታታለህ?

መጨረሻው ላይ ድምፅዋን ከፍ ካደረገችው እየጠየቀች ነው። ዝቅ አድርጋ ከዘጋችው፣ ትናንት ያዘዘችውን እያስታወሰችኝ ነው፣ «እንዳትረሺው» ማለቷ ነው። እኛ የጥያቄ ምልክታችንን በጉሮሮ ነው የምናስቀምጠው። ጽሑፍ ሲሆን ሁለቱም ያው «አለ» ነው።

ቦት ሠሪው፦ ይሄን እቀበላለሁ እህቴ፣ እርስዎ ያሉት እውነት ነው። እንዲያውም ልጨምርልዎት፦ «አለ» ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል»፤ ፊደላችን ሁለቱንም አንድ አድርጎ ይጽፋቸዋል። ግን እንዲህ ያለው ስንቱ ነው? አብዛኛው ሰው በግልጽ ነው የሚናገረው። ያልለየውን ሦስተኛ ቅርጫት ውስጥ ይጥለዋል፣ እሱን ብቻ ሰው ይሰማዋል።

ትዕዛዝ ተቀባይዋ፦ አብዛኛው ሰው በግልጽ ይናገራል? እንግዲያው አንዱን ልጻፍልህ። ቃል በቃል አይደለም፣ ግን በየቀኑ የሚመጣልኝ ዓይነት ነው።

«እንደምን አደራችሁ፣ ያለፈው በርበሬ በጣም ቆንጆ ነበር፣ እ... ሁለት ኪሎ... አይ ሦስት አድርጉት፣ እንግዳ አለብኝ። ሽሮው ምጥን ነው ወይስ ነጭ ነው? ምጥን ከሆነ አንድ ኪሎ ጨምሩልኝ። ሚጥሚጣም የሁለት መቶ። ነገ አራት ሰዓት ላይ ባገኝ ደስ ይለኛል።»

ይሄ ትዕዛዝ ነው ወይስ ጥያቄ? በርበሬው ሦስት ኪሎ፣ ቁርጥ ያለ ትዕዛዝ ነው። ሁለቱ ተሰርዟል፣ ማሽንህ ሁለቱንም ቆጥሮ አምስት ካላደረገው። ሽሮው ጥያቄ ሆኖ ተነስቶ በመልሱ ላይ ተንጠልጥሏል፦ ምጥን ነው ካልኳት አንድ ኪሎ ሸጥኩ፣ ነጭ ነው ካልኳት የለም። ሚጥሚጣው የሁለት መቶ ብር ነው ወይስ ሁለት መቶ ግራም? እኔም ደውዬ ነው የማውቀው። አራት ሰዓት ደግሞ ጠዋት አራት ነው። የውጭ ሰዓት ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም 4:00 ብሎ ይጽፈውና ሞተረኛው ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ይሄዳል። «ባገኝ ደስ ይለኛል»ም ልመና ይመስላል እንጂ ትዕዛዝ ነው፣ በጨዋ አፍ።

ቦት ሠሪው፦ እዚህ ላይ ሐሳቤን ላርም። ቮይሱን ሙሉውን አንድ ቅርጫት ውስጥ መክተት ስህተት ነው። መለየት ያለበት መስመር መስመሩ ነው። አንዱ ቮይስ ሦስት ትዕዛዝና አንድ ጥያቄ ሊወጣው ይችላል፣ እያንዳንዱ የየራሱ መስመር ይኑረው። የሰዓቱ ነገር ግን የማሽን ችግር አይደለም። አንድ ጊዜ «ደንበኛ ሰዓት ሲጠራ በእኛ አቆጣጠር ነው» ተብሎ ይጻፍለታል፣ ከዚያ በኋላ አይሳሳትም። ሰው ግን ይረሳል።

ትዕዛዝ ተቀባይዋ፦ እሺ፣ እሱን ሰጠሁህ። ግን ጽሑፉ ራሱ ከየት ይመጣል? እኔም አንዱን ሞክሬዋለሁ፣ የወንድሜ ልጅ ጫነልኝ። አንዲት ደንበኛ መርካቶ መሀል ቆማ የላከችውን ቮይስ ሰጠሁት። ማንም ያላለውን አረፍተ ነገር ጻፈልኝ፣ ያውም አራት ጊዜ ደጋግሞ!

ቦት ሠሪው፦ የታወቀ በሽታ ነው። ዊስፐር የሚባለው በ2022 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የወጣው ሞዴል 680,000 ሰዓት ድምፅ ሰምቶ ነው የተማረው፣ የአማርኛው ድርሻ ግን ኢምንት ነው። ድምፁን በ30 ሰከንድ እየቆረጠ ነው የሚሰማው። ውስጡ ጸጥታ ወይም ጫጫታ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ዝም አይልም፣ ከራሱ ይፈጥራል። ግን ይነቃበታል። አንድ ሐረግ ከተደጋገመ ወይም የስድስት ሰከንድ ቮይስ ግማሽ ገጽ ከወጣው ውሸት ነው፣ ወደ ሦስተኛው ቅርጫት።

እኔን የበለጠ የሚያስፈራኝ የሚያምር ስህተት ነው። አረፍተ ነገሩ ጥርት ብሎ ወጥቶ «ሁለት» የነበረው «ሦስት» ሲሆን ማን ይነቃል? ስለዚህ ከመጀመርሽ በፊት ሃምሳ የድሮ ቮይስ ውሰጂ። የትኛው ዕቃ፣ ስንት ኪሎ፣ ለመቼ እንደሆነ በእጅሽ ጻፊ። ማሽኑም ይጻፍ፣ ከዚያ አስተያዪ። ስንት ቃል ተሳሳተ አትበይ፤ «እንደምን አደራችሁ» ቢበላሽ ማን ጉዳዩ? ስንት ኪሎ ተሳሳተ በይ።

ትዕዛዝ ተቀባይዋ፦ ይሄ ምክር ጥሩ ነው። ሃምሳውን ከሰማች በኋላ ግን ማሽኑ የሚያስፈልጋት አይመስለኝም። ሰላሳ ቮይስ እያንዳንዱ አርባ ሰከንድ ቢሆን ሃያ ደቂቃ ነው። ቴሌግራም ደግሞ ያፈጥንልሻል፤ ሰላምታውን በእጥፍ ፍጥነት አሳልፊ፣ ቁጥር ላይ ስትደርሺ ወደ መደበኛው መልሺ። ሰምተሽ ስትጨርሺ እዚያው ቮይሱ ላይ ሪፕላይ አድርገሽ «በርበሬ 3 ኪሎ፣ ነገ ጠዋት 4 ሰዓት» ብለሽ ጻፊ። ከወር በኋላ «በርበሬ» ብለሽ ስትፈልጊ ይወጣልሻል። ቮይስ ብቻውን ተፈልጎ አይገኝም።

ቦት ሠሪው፦ ሃያ ደቂቃ አንዴ ለሚሰማ ነው። ሰው ግን ደግሞ ደጋግሞ ይሰማል፣ በመሀል ስልክ ይደወላል፣ አንዱ ቮይስ ሳይሰማ ይዘለላል። እኔ የምፈራው የተዘለለውን ትዕዛዝ ነው። ደንበኛዋ አትጮህም፣ ዝም ብላ ሌላ ቤት ትገዛለች። ጥያቄው ትዕዛዝ ተብሎ ቢያዝ ግን ችግር የለም፣ ቦቱ «ሦስት ኪሎ በርበሬ፣ ልክ ነው?» ብሎ ቁልፍ ይልክላታል፣ «አዎ» ካላለች አይላክም።

ትዕዛዝ ተቀባይዋ፦ የኔ ልጅ፣ ማንበብና መጻፍ ቢቀናት መቼ ቮይስ ትልክ ነበር? እናቴን አስባት። ቁልፉን አይታ «ምንድነው ይሄ» ብላ ስልኩን ለልጅ ነው የምትሰጠው። ማረጋገጫው በቮይስ ይመለስላት፣ በሰው ድምፅ። ደግሞ ያልታዘዘ ዕቃ ቀላል ነው አትበል። ሦስት ኪሎ ተመዝኖ፣ ታሽጎ፣ የሞተረኛ ተከፍሎበት ተመልሶ ሲመጣ ያየ ያውቀዋል።

ቦት ሠሪው፦ በቮይስ ይመለስ፣ አልጣላም። የቱ ስህተት ይብሳል በሚለው ግን አልተስማማንም።

ጠያቂዋ፦ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሃምሳውን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። ግን አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ፤ ብዙ ደንበኞቼ በአማርኛ ጀምረው መሀል ላይ ወደ ኦሮምኛ ይገባሉ፣ ቁጥሩን በኦሮምኛ ነው የሚጠሩት።

ቦት ሠሪው፦ እሱን ቀድመሽ ብትነግሪን ኖሮ! ከሃምሳው ውስጥ እንዲህ ያሉትን ለብቻ ቁጠሪያቸው። እዚያ ላይ ማሽኑን አላምነውም።