ማስተካከያ፦ የማይከፈል ፖሊኖሚያልና ተደጋጋሚ ሥር

ቀደም ሲል የወጣው፦ «ወደ ትናንሽ ፋክተሮች የማይከፈል ፖሊኖሚያል ተደጋጋሚ ሥር የለውም።»

ይህ ካራክተሪስቲኩ 0 በሆነ ፊልድ ላይ፣ ማለትም 1 የቱንም ያህል ጊዜ ቢደመር 0 በማይሆንበት፣ ሁሌም እውነት ነው፤ ካራክተሪስቲኩ ፕራይም p ሲሆን፣ ማለትም 1 p ጊዜ ሲደመር 0 ሲሆን፣ ግን ሊፈርስ ይችላል። ተደጋጋሚ ሥር ማለት f ከዴሪቬቲቩ f′ ጋር የሚጋራው ሥር ነው። f የማይከፈል ከሆነ፣ የ f′ ዲግሪ ስለሚያንስ፣ ሥር የሚጋሩት f′ ራሱ ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው።

F₃ ባለ ሦስት አባል ፊልድ ነው፤ F₃(t) ደግሞ ኮኤፊሸንቶቻቸው ከ F₃ የሆኑ የ t ፖሊኖሚያሎች ክፍልፋዮች ፊልድ ነው። በ F₃(t) ላይ f = x³ − t እንውሰድ። t በዚህ ፊልድ ውስጥ ኩብ ሥር ስለሌለው f አይከፈልም። እዚህ ግን 3 = 0 ስለሆነ f′ = 3x² = 0 ይሆናል። የ t ኩብ ሥር የሆነውን a ወደ ፊልዱ ጨምረን (x − a)³ን ብንዘረዝር፣ መሃል ያሉት −3ax² እና 3a²x ይጠፉና x³ − t ይቀራል። ስለዚህ a ሦስት ጊዜ የተደገመ ብቸኛ ሥር ነው።

ውሱን ፊልድ ላይ ግን የቀድሞው አባባል ይጸናል፤ በ F₃ ውስጥ 2³ = 2 ስለሆነ x³ − 2 ከመነሻው (x − 2)³ ሆኖ ይከፈላል።