ትሪያችንን አክብራችሁ እንድትገኙልን

የሰሞኑን የሠርግ ካርዶች ያየ የደሴ ሰው ሁሉ እኛ የምናመሰግነውን የካርድ ጸሐፊ አብሮን ያመስግን። «ትር 23 ቀን በምናደርገው የሠርግ ሥነ ሥርዓት ላይ ትሪያችንን አክብራችሁ እንድትገኙልን» ይላል። ወርቃማው ቀለም፣ ጥንዱ ቀለበት፣ ርግቦቹ ሁሉ በቦታቸው አሉ። የጎደሉት ሁለት ጥዎች ብቻ ናቸው፤ ለሁለት ፊደል ደግሞ ማን ይጣላል?

ትሪ ይከበራል እንዴ የምትሉ ወግ አታውቁም። ፒያሳ ወርዳችሁ የምታከብሩትን ትሪ ለመምረጥ ስንት ሰዓት ይፈጃል! የሙሽሪት ወገን ሰፊውን ይላል፣ የሙሽራው ወገን ሲኒ የሚይዘው ይበቃል ይላል፤ ሽማግሌ ይገባል። ከዚያ ትሪው ከፊት ይቀመጣል፣ እንግዳ እየተነሳ እጅ ይነሳዋል። የመሥሪያ ቤቱም ሰው ወደኋላ አልቀረም፤ «አስቸኳይ የስብሰባ ትሪ» ለጥፏል፣ ቆሎ ያለበት መስሎት ቀድሞ የተገኘ ሠራተኛ አይጠፋም። «የሰላም ትሪ» ደግሞ አለ፤ ማን ይዞት እንደሚዞር ባይታወቅም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ስልክ ላይ የሚላከው «ያልተመለሰ ትሪ አለዎት» ነው። ይህ በየሰፈሩ ያለ እውነት ነው፤ ለለቅሶ ተውሳ የወሰደች ጎረቤት እስከ ዛሬ አልመለሰችም።

ጥበቡ እንዲህ ይሠራል። ፊደልን በድምፁ የሚያዛምደው ኪቦርድ የላቲኑን ፊደል ተቀብሎ የኛን ያወጣል። ትንሿ t ት ስትሆን ትልቋ T ጥ ናት፤ c ች፣ C ጭ፤ n ን፣ N ኝ። ጥሪ ለማለት ሺፍት ተጭኖ T፣ ከዚያ ሺፍቱን ለቆ ri መምታት ነው። ሺፍቱን ያልነካ ጸሐፊ tri ይመታና ትሪውን ያቀርባል። ጥያቄ ትያቄ ቢሆን ዓይን ይቆረቁራል፣ ሰው ይነቃል። ትሪ ግን ራሱን የቻለ ቃል ስለሆነ አራሚ ፕሮግራምም፣ የደከመ ዓይንም ሰላም ብሎት ያልፋል። «እኛ» «እና» ሲሆንም፣ ኮምቦልቻ ላይ የሚያድረውን ሾፌር «ንጹህ መንታ አለን» ብሎ የሚቀበለው ማስታወቂያም የዚሁ የሺፍት ልጆች ናቸው።

ሺፍቱን የሚያስታውሱ ትጉሃንም አሉ፤ እነሱ ደግሞ ቶሎ አይለቁትም። ትልቋ E በብዙዎቹ ኪቦርዶች ኃምስ ስለምታወጣ Tefa ሊሉ ሲነሱ TEfa ይመታሉ፤ «ልጅ ጠፋ» የሚለው «ልጅ ጤፋ» ይሆናል። ያልነካው «ልጅ ተፋ» ብሎ ምሰሶ ላይ ለጥፏል። ስልክ ላይ ደግሞ ሺፍት ለአንድ ፊደል ብቻ ሠርቶ ይወድቃል፤ ስለዚህ ጣጣ የሚለው ሰው ጣታ ይወጣለታል።

ስህተቱን ያሳያችሁት እንደሆነ መልሱ አንድ ነው፤ «ኧረ ጋሼ፣ ሰው ይገባዋል!»

አይገባውም! የመድኃኒት ከረጢት ላይ «ተዋት 1 ፍሬ፣ ማታ 1 ፍሬ» ተብሎ ሲታተም ምኑ ነው የሚገባው? tewat እና Tewat በአንድ ሺፍት ይለያያሉ፤ ጠዋት ግን የመዋጫ ሰዓት ነው፣ ተዋት ደግሞ አትንካት ማለት ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ እናት መነጽራቸውን አድርገው የተጻፈውን አምነው የጠዋቷን ቢተዉ ማን ሊጠየቅ ነው? ይህን ሳያነቡ ለሕሙም የሚሰጡ እጆች እፍረት ሊሰማቸው ይገባል።

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። ከማተም በፊት Ctrl+F ተጭኖ ትሪ፣ ትር፣ ተዋት፣ ተፋ፣ መንታ እያሉ መፈለግ፣ የተገኘውን አንድ በአንድ እያዩ መቀየር፣ ከደቂቃ አይበልጥም። ይህን ምክር ሰምቶ የሠራበት አንድ ዓይነት ሰው አለ፤ ከሁሉ በላይ የሚከበረውም እሱ ነው። አንድ በአንድ ማየት ሰልችቶት «ሁሉንም ተካ» የሚለውን ይጫናል፤ ትሪ ያለበት ቦታ ሁሉ ጥሪ ይሆናል። ካርዱ ተስተካከለ፣ ሠርገኛውም ተደሰተ። እዚያው ፋይል ላይ ግን የሌላ ደንበኛ ጽሑፍ ነበረ፤ አሁን ቧንቧ ውሃ አካባቢ ሁለት ሜትር ባነር ላይ በደማቅ ቀይ ተሰቅሏል፦ «ማንኛውንም የኤሌክጥሪክ ሥራ በጥራት እንሠራለን»።