ቲማቲም የከበባቸው አዛውንት ለምን ያስቁናል?

አንድ አዛውንት ገበሬ በእንጨት በተለበጠ ክፍል ውስጥ አሉ። ዙሪያቸውን ቀይ ቲማቲም የሞላባቸው ሳጥኖች ከበዋቸዋል። ፎቶው ይኸው ነው። ደም የለም፣ ጭራቅ የለም። ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ተምብለር በተባለው የብሎግ መድረክ ላይ የተከፈተው «ከርስድ ኢሜጅስ»፣ ማለትም «የተረገሙ ምስሎች»፣ የተሰኘ ገጽ መጀመሪያ የለጠፈው ይህንን ነው። በዓመቱ ትዊተር ላይም በዚሁ ስም አካውንት ተከፈተ፣ ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ግራ የሚያጋባ ፎቶ በየቦታው ተዛመተ። ሰዉ ያየዋል፣ ይከብደዋል፣ ይስቃል፣ ለጓደኛው ይልካል።

እኔ እንደሚመስለኝ ግማሹን ሥራ የሚሠራው ፍላሹ ነው። የትንሽ ካሜራ ፍላሽ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። አንድ ሜትር ላይ ያለ ፊት ነጭ ሆኖ ሲወጣ፣ አራት ሜትር ላይ ያለው ግድግዳ የሚደርሰው የዚያ ብርሃን አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሰውየው ኋላ ያለው ሁሉ ይጨልማል። ፍላሹ ከሌንሱ አጠገብ ስለሆነ ደግሞ ፊት ላይ ጥላ አይወድቅም፤ ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል። ብርሃኑ ከዓይን ውስጠኛው ጀርባ ነጥሮ ሲመለስም ዓይን ይቀላል። የልደት ፎቶ ሳይቀር የፖሊስ ማስረጃ ይመስላል። አዳዲስ ስልኮች ጨለማውን ራሳቸው ስለሚያበሩት፣ ከእነዚህ ፎቶዎች ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ የኪስ ዲጂታል ካሜራዎች የተነሱ መሆናቸው አይገርምም።

ሌላው ግማሽ የጎደለው ወሬ ነው። ማን አነሳው? ለምን? ከዚያስ ምን ሆነ? ከፎቶው በታች ምንም አልተጻፈም። አዛውንቱ ምርታቸውን ለቤተሰብ ሲያሳዩ የተነሱት ሊሆን ይችላል። ይህ ከሥሩ ቢጻፍ ግን ፎቶው ተራ የቤተሰብ ፎቶ ይሆናል፤ ፍርሃቱም ሳቁም አብረው ይጠፋሉ። ሳቁ ከፍርሃቱ ተለይቶ እንደማይቆም የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ፒተር ማግሮው እና ካሌብ ዋረን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያቀረቡት ሐሳብ ይህን በደንብ ያስረዳል። በእነሱ አባባል የምንስቀው አንድ ነገር ከሥርዓት የወጣ ሆኖ ሳለ ጉዳት እንደሌለው በዚያው ቅጽበት ሲገባን ነው። ቲማቲሙ ቦታው አይደለም፤ ግን ማንንም አልጎዳም። ለጓደኛ የምንልከውም ለዚህ ይመስለኛል። «አንተንም ከበደህ?» ብለን መጠየቃችን ነው። እሱ ሲስቅ፣ ነገሩ አደጋ እንደሌለው እኛም እርግጠኛ እንሆናለን።

ስለዚህ «ከርስድ ኢሜጅስ» በሚል ስም የአደጋ ፎቶ፣ የታመመ ሰው ወይም የተጎዳ እንስሳ የሚለጥፉ ገጾችን አልቀበልም። እዚያ ውስጥ ጉዳቱ እውነት ነው፤ የምንገምተው ነገር አልቀረም። ፊቱ የሚታወቅ ተራ ሰው መልኩ ብቻ መሳቂያ ሲሆንም እንደዚያው ነው። የአዛውንቱ ፎቶ የሚያስቀው በክፍሉ፣ በብርሃኑና በቲማቲሙ ብዛት ነው። በሰውየው ላይ የሚሳቅ ምንም የለም።