«ጎበዝ ተማሪ የለሽም ወይ?»

አሁን ገና ነው የገባሁት። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ሳይበርድልኝ ልጻፈው። ነገ ከሆነ እንደ ሁልጊዜው «ተይው እስቲ» ብዬ እውጠዋለሁ።

ለመምህርነት ፈቃዴ የሚገባውን ማህደረ ተግባሬን ዛሬ አሳየሁ። ያንን ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ያሳጣኝን ፋይል። የምታውቁት ክፍል፣ የምታውቁት ጠረጴዛ። ፋይላችንን የሚገመግመው ሰውዬ ከፈተ፣ ገለበጠ፣ ገለበጠ። የተማሪዎቼ ወረቀት ላይ ሲደርስ ቆመ። አንዷን በሁለት ጣቱ አነሳት፤ የሆነ ነገር የነካው ይመስል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የተማሪ ሥራ ነው። የመማር ማስረጃ።»

«ተሳስተዋል እኮ።»

«አዎ፣ የመጀመሪያው ቀን ነው። ቀጥሎ ያለውን ገጽ ቢያዩት…»

«ያላወቁትን ነው የምታመጪልኝ? ጎበዝ ተማሪ የለሽም ወይ?»

እኔ «እርስዎ» እላለሁ፣ እሱ «አንቺ» ይላል። ዕድሜው መጀመሪያ ሥራ የጀመርኩ ጊዜ ያስተማርኳቸውን ልጆች ያህላል። ሁለት ባልደረቦቼ ከኋላዬ ተራ ይዘው ቆመዋል። ይሰማሉ። ቀጥሎ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ልጆቹን በንጹህ ወረቀት መልሰሽ አሠሪያቸው። ትክክለኛውን ይጻፉ። እስከ ሐሙስ አምጪ።»

ትክክለኛውን ይጻፉ! ደሜ ነው የፈላው።

እስቲ ፍረዱኝ። ያቺ ወረቀት ምን እንደሆነች ልንገራችሁ።

አምስተኛ ክፍል፣ ሒሳብ፣ ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር። 58 ልጆች፣ 40 ደቂቃ። ዕቅዴ ላይ እንደ ሁልጊዜው ጽፌአለሁ፦ መምህርቷ ምሳሌ ትሠራለች፣ ተማሪዎች በቡድን ይሠራሉ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ። ጥያቄዋ 1/2 + 1/3 ናት። ከደብተር እየተቀደደ በተሰጠ ቁራጭ ወረቀት ሠርተው ሲወጡ ሰበሰብኳቸው። ማታ ቤት ቆጠርኩ። 31ዱ 2/5 ብለዋል። ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምረው።

ይሄን ስህተት ሒሳብ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። «አልተከታተሉም» ብሎ ማለፍም ይቻላል። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ብዬ አልፌአለሁ። በዚያ ቀን ግን 31 በዛብኝ። በማግስቱ አንዷን ልጅ በዕረፍት ሰዓት ጠርቼ «እንዴት እንዳገኘሽው ንገሪኝ» አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «መምህር፣ ፈተናችንን ሲደምሩልን እኮ እንደዚህ ነው። 7 ከ10 እና 8 ከ10 ሲደመር 15 ከ20።»

ደርቄ ቀረሁ። ልጅቷ እውነቷን ነው! ተከታታይ ምዘና ስንደምር ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ነው የምንደምረው። ወረቀታቸው ላይ 7/10 ብዬ የምጽፈው እኔ ነኝ። ደምሬ 15/20 ብዬ የምመልሰውም እኔ። ማርኩ ላይ ትክክል ነው፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ፈተና ሲጨመር ጠቅላላ ጥያቄውም ይጨምራል። ክፍልፋይ ላይ ግን ሙሉው አንድ ነው፤ አይጨምርም። ልጆቹ ሰነፍ አይደሉም። ያስተማርኳቸውን ነገር ነው ያለ ቦታው የተጠቀሙበት። እኔ ይህንን ያወቅኩት ከዚያች ከተቀደደች ወረቀት ነው። ሌላ ከየትም አይደለም።

ዕቅዱን ቀየርኩ። የቀየርኩትም እዚያው ዕቅዱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የወረቀት ጥብጣብ ለየቡድኑ ቆርጬ ሰጠኋቸው። ግማሹን ለኩ፦ 15። ሲሶውን ለኩ፦ 10። አስከትላችሁ አስቀምጡት፦ 25። አሁን የእናንተን 2/5 ለኩ አልኳቸው። 12! ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዱ ልጅ ከኋላ «እንዴ! ከግማሹም አነሰ!» አለ። ደምረውት ከጀመሩበት ያንሳል። እኔ ሰሌዳ ላይ 100 ጊዜ ብጽፈው ያንን «እንዴ» አላገኘውም ነበር። ከዚያ 15ቱንም 10ሩንም እኩል የሚለካ ቁራጭ ፈለግን፤ 5 ሴንቲ ሜትር። እሱ ደግሞ የሙሉው አንድ ስድስተኛ ነው። ግማሹ ሦስት ስድስተኛ፣ ሲሶው ሁለት ስድስተኛ፣ ድምሩ 5/6። የጋራ ታህት ማለት ለነሱ በዚያን ቀን ሥጋ ለበሰ።

ከሁለት ቀን በኋላ 1/2 + 1/5 ሰጠኋቸው። ሆን ብዬ ቁጥሩን ቀይሬ ነው። ያው ጥያቄ ቢደገም 5/6ን በቃል ይዘው ይጽፉታል፣ እኔም ተማሩ ብዬ እራሴን አታልላለሁ። የተሳሳቱት 9 ብቻ ናቸው። ከ9ኙ ደግሞ 5ቱ 2/10 ነው ያሉት። ታህቱን አግኝተዋል፣ ላዕሉን ግን አብረው አልቀየሩትም። እሱ ሌላ ስህተት ነው። መንገዱ ላይ ናቸው ማለት ነው። የድሮው ስህተት ላይ የቀሩት 4 ልጆች ናቸው። እነዚያን በማጠናከሪያ ሰዓት ለብቻ ያዝኳቸው።

እንግዲህ ፋይሌ ውስጥ ያስገባሁት ይሄንን ነው። በቀይ የተሰረዘው ዕቅድ። ከ58ቱ የሦስት ልጆች ሥራ፦ ቶሎ የገባት አንዷ፣ መሃል ያለ አንዱ፣ ከአራቱ አንዱ። የየልጁ የመጀመሪያ ቀንና የሁለተኛው ወረቀት ጎን ለጎን። ስማቸውን ሸፍኜ። ከዚያ አንድ ገጽ ሪፍሌክሽን፦ ምን ጠበቅኩ፣ ምን አየሁ፣ ልጅቷ ምን አለችኝ፣ ምን ቀየርኩ፣ ምን ቀረኝ። ዕቅዱም፣ የልጆቹ ሥራም፣ ሪፍሌክሽኑም የሚያወሩት ስለ አንድ ሳምንት ነው። አንዱን ብታወጡት ሌላው ይፈርሳል። እሱ ደግሞ «ያላወቁትን አውጪው» ይለኛል! ያላወቁት ከወጣ የተማሩት በምን ይታወቃል? ሁለተኛው ወረቀት ብቻውን ምን ይላል? ልጁ ድሮም ያውቅ እንደነበር በምን ይለያል?

ከእኔ በፊት የነበረው ፋይል በአንዴ አለፈ። በዓይኔ አይቻለሁ። ፕላስቲክ የለበሰ፣ ባለቀለም ሽፋን፣ የሠላሳ ትምህርት ዕቅድ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቁጭታ የተጻፈ። አንድም ስርዝ የለውም። ሠላሳ ቀን ሙሉ ሁሉ ነገር በደቂቃው አለቀ? አንድ ቀን እንኳ መብራት አልጠፋም? አንድ ቀን እንኳ ስብሰባ ክፍለ ጊዜ አልበላም? አስተያየት የሚለው ሳጥን ሠላሳ ጊዜ «ትምህርቱ በታቀደው መሠረት በጥሩ ሁኔታ ተጠናቋል» ይላል። ባልደረባዬን አልወቅስም። ምን ታድርግ? እንደዚያ ነው የሚያልፈው። ባለፈው ዓመት አንዱ በፍላሽ ከሰው የወሰደውን ሲያስገባ የሌላ ትምህርት ቤት ስም ሪፍሌክሽኑ መሃል ቀርቶ ነበር። ማንም አላየውም። አለፈ። የሚነበብ ቢሆን ኖሮ ይያዝ ነበር።

የመማር ማስረጃ ተብሎ የሚገባውማ ሌላ ጉድ ነው። ማርክ ሊስት። «የክፍሉ አማካይ ከ54 ወደ 61 አድጓል» ይባላል። ሁለተኛው ፈተና ቀሎ እንደሆነስ? በቡድን ሥራ ማርክ ተሞልቶ እንደሆነስ? አማካይ ማን ምን እንደገባው አይነግርም። ፎቶም አለ። ተማሪዎች በቡድን ተቀምጠው፣ መምህሩ ጎንበስ ብሎ ሲያሳይ። እኔም አለኝ እሱ። መቀመጣቸውን ያሳያል፣ በቃ።

ደግሞ ማስረጃ አስቀምጡ ያሉን መቼ ነው? ዓመቱ ካለቀ በኋላ! የአምናዎቹን ደብተሮች ስጠይቅ ከልጆቹ ግማሾቹ «ለቆሎ መጠቅለያ ሄዷል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ሰፈር ቆሎ የገዛሁት በልጆች ደብተር ተጠቅልሎ ነው። ከዚያ ወዲህ ነው በየምዕራፉ ሦስት ወረቀት ዕለቱን በስልኬ ፎቶ እያነሳሁ፣ ቀኑን ጽፌ፣ ካርቶን ውስጥ የማስቀምጠው። ማንም አልነገረኝም። ስቃጠል ነው የተማርኩት።

እኛ ሰፈር፣ ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ ደግሞ ሁሉ ነገር መንገድ ነው። ማህተም ለማስመታት ሁለት ቀን ተመላለስኩ፤ ማህተሙ ያለው ሰውዬ ስብሰባ፣ ቁልፉ ያለው ሰውዬ ለቅሶ። ኮንዶሚኒየሙ ሥር ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤት መብራት ከሄደ እስኪመጣ በር ላይ መቆም ነው። ማክሰኞ ከ10 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ቆሜአለሁ። በእርሳስ የተጻፈ የልጅ ሥራ ኮፒ ሲደረግ ደግሞ ይጠፋል፤ 2/5 የሚለው አይታይም። ለዚህ ነው ዋናውን ወረቀት ያስገባሁት! ሊያዋርደኝ እንዲህ ፈጠነ፤ ለምን ኮፒ እንዳልሆነ ግን አልጠየቀኝም።

የተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያውን 60 ሰዓት አንድ በአንድ መዝግቤ አስገብቻለሁ። እሱን ቆጠረ። የሰርተፍኬቶቹን ቁጥር ቆጠረ። ፊርማዎቹን ቆጠረ። ሪፍሌክሽኑን ግን አንድ መስመር አላነበበም። አንድ! «ገጹ አንሷል» ነው ያለኝ። የልጅቷን ቃል የጻፍኩባትን ገጽ።

ከሁሉ ያቃጠለኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? መልስ አልሰጠሁትም። 17 ዓመት አስተምሬ፣ «እሺ» ብዬ ፋይሌን ሰብስቤ ወጣሁ። ከወረቀቶቹ አንዷ መሬት ወደቀች። ጎንበስ ብዬ ሳነሳ ከኋላዬ ያለችው ባልደረባዬ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። ያኔ ነው ዕንባዬ የመጣው።

ባለቤቴ «ምን ቸገረሽ፣ እንደሚፈልጉት ሥሪላቸው፣ ፈቃድሽን ውሰጂ» ይለኛል። እሱም እውነት አለው። ፈቃዱ ያስፈልገኛል። ደረጃ አለ፣ እንጀራ አለ። ግን ልጆቹን ሰብስቤ «ይሄን ገልብጡ» ልበላቸው? ያቺን «15 ከ20» ያለችኝን ልጅ? ያኔ የገባትን በራሷ እጅ ጽፋ እያለ፣ አሁን ደግሞ ያልተሳሳተች አስመስዬ በንጹህ ወረቀት ላስጽፋት?

አላደርገውም። ሽፋኑን አሳምራለሁ፣ እሺ። ፕላስቲክ አለብሰዋለሁ። በእርሳስ የደበዘዘውን ከጎኑ በኮምፒውተር አስጽፌ አያይዛለሁ። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ «ከማስተማሬ በፊት»፣ «ካስተማርኩ በኋላ» ብዬ በትልቁ እጽፋለሁ፤ ገልብጦ ለሚያልፍ ሰውም እንዲታየው። የተሳሳተችው ወረቀት ግን ከነቅዷ ትገባለች። ሐሙስ ጠዋት እዚያው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣታለሁ፤ ጥብጣቧንም አጣጥፌ።

መብራት መጣ። ፎቶ ኮፒ ቤቷ ሳትዘጋ ልሩጥ።